የአንድ ትርፍ ሁለት ስም፦ የአንሰን ጉዳይና ተደራራቢ ግብርን የማስቀረት ስምምነቶች አሠራር

አንድ የእንግሊዝ ነዋሪ በአሜሪካ ከሚሠራ ድርጅት ከሚደርሰው ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ትርፍ ላይ ለአሜሪካ መንግሥት 45 ዶላር ያህል ግብር ይከፍል ነበር። የቀረውን 55 ዶላር ወደ እንግሊዝ ሲያስገባ የብሪታኒያ የገቢና ጉምሩክ መሥሪያ ቤት በበኩሉ የ55ቱን 40 በመቶ፣ ማለትም 22 ዶላር ጠየቀው። ሁለቱ ሲደመሩ 67 ዶላር ይሆናሉ፤ ለባለ ገቢው የተረፈው 33 ዶላር ብቻ ነው። ይህ የሆነው በሁለቱ አገሮች መካከል ተደራራቢ ግብርን ለማስቀረት የተደረገ ስምምነት በሥራ ላይ እያለ ነው። አሜሪካና ብሪታኒያ የመጀመሪያውን የገቢ ግብር ስምምነት የተፈራረሙት በ1945 ሲሆን፣ ክርክሩ የተመሠረተው ደግሞ እርሱን በተካው በ1975ቱ ስምምነት ላይ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ አዋጅ ካልሆነ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ በሕግ መዛግብት የሚታወቀው በግብር ከፋዩ ስም «አንሰን» ተብሎ ነው። የተከራከረበት ግብር ከ1997/98 እስከ 2003/04 ያሉትን ሰባት የግብር ዓመታት የሚመለከት ሲሆን፣ የብሪታኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጨረሻውን ፍርድ የሰጠው በሐምሌ 1 ቀን 2015 ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ውስጥ አሜሪካ ግብሩን የመጣል መብት የላትም ብሎ የተከራከረ ወገን አልነበረም። ብሪታኒያ ነዋሪዋን ግብር የማስከፈል መብት የላትም ያለም አልነበረም። ክርክሩ ሁሉ የተሽከረከረው በአንድ ጥያቄ ላይ ነበር፦ አሜሪካ ግብር የጣለችበት ገቢና ብሪታኒያ ግብር የጣለችበት ገቢ አንድ ናቸው ወይስ ሁለት?

ስምምነቱ መብቱን እንዴት ያከፋፍላል?

ብዙ ሰው ተደራራቢ ግብርን የማስቀረት ስምምነት ሲባል ገቢው በአንድ አገር ብቻ ግብር እንዲከፈልበት የሚወስን ሰነድ ይመስለዋል። እንዲህ የሚሆንባቸው የገቢ ዓይነቶች አሉ፤ አብዛኛው ግን በሁለት እርከን ነው የሚሠራው። በመጀመሪያው እርከን ስምምነቱ ገቢዎችን በየስማቸው ይለያቸዋል፤ የንግድ ትርፍ፣ የትርፍ ድርሻ፣ ወለድ፣ ሮያሊቲ፣ ደመወዝ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ገቢ እያለ ለእያንዳንዱ የተለየ አንቀጽ ይሰጠዋል። ከዚያም ገቢው የሚመነጭበት አገር ያንን ገቢ ጨርሶ እንዳይነካው፣ እስከ ተወሰነ መጠን ብቻ እንዲነካው ወይም ያለ ገደብ ግብር እንዲጥልበት ይወስናል።

የንግድ ትርፍ ለምሳሌ ባለ ትርፉ በሌላው አገር በቋሚነት የሚሠራ ድርጅት ከሌለው በስተቀር በዚያ አገር ግብር አይከፈልበትም። ድርጅቱ ካለ ግን ለዚያ ድርጅት በሚታሰበው ትርፍ ላይ የምንጭ አገሩ ሙሉ ግብሩን መጣል ይችላል። በትርፍ ድርሻ ላይ ያለው ደንብ ሌላ ነው። አሜሪካ ለውጭ ነዋሪ በሚከፈል የትርፍ ድርሻ ላይ በራሷ ሕግ 30 በመቶ ቀድማ ትቀንሳለች፤ ከብሪታኒያ ጋር ባላት ስምምነት ግን ለተራ ባለ አክሲዮን ይህ ወደ 15 በመቶ ይወርዳል።

ሁለተኛው እርከን የሚመጣው የምንጭ አገሩ በተፈቀደለት ልክ ግብሩን ከሰበሰበ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የሚያፈገፍገው የነዋሪነት አገሩ ነው፤ የሚያፈገፍግበትም መንገድ በመሠረቱ ሁለት ነው። አንደኛው በውጭ የተከፈለውን ግብር ከራሱ ግብር ላይ ማካካስ ነው። ሌላው ገቢውን ከነጭራሹ ከግብር ነፃ ማድረግ ነው። ብሪታኒያና አሜሪካ የመረጡት የማካካሻውን መንገድ ነው። የኢትዮጵያም የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በውጭ አገር ለተከፈለ ግብር ማካካሻን የሚፈቅድ ሲሆን፣ ማካካሻው በዚያው ገቢ ላይ በኢትዮጵያ ሊከፈል ከሚገባው ግብር እንዳይበልጥ ይገድባል።

እነዚህ ሁለት እርከኖች በቀጭን ክር የተያያዙ ናቸው፤ ክሩም የገቢው ስም ነው። የነዋሪነት አገሩ የሚያካክሰው በስምምነቱ መሠረት የተከፈለን ግብር ብቻ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው እርከን ለገቢው የተሰጠው ስም በሁለተኛው እርከን የሚገኘውን እፎይታ ይወስነዋል። አንድ የለንደን ነዋሪ ተገቢውን ቅጽ ባለመሙላቱ ከአሜሪካ የትርፍ ድርሻው ላይ 15 በመቶ መቀነስ ሲገባ 30 በመቶ ቢቀነስበት፣ ብሪታኒያ የምታካክስለት 15ቱን ብቻ ነው። የቀረውን መጠየቅ ያለበት የቀነሰችበትን አሜሪካን ነው። ይህን ባለማወቅ ሙሉውን 30 በመቶ በብሪታኒያ ማስታወቂያቸው ላይ የሚያካክሱ ሰዎች በኋላ ልዩነቱን ከነወለዱ የመክፈል ዕዳ ይመጣባቸዋል።

ድርጅቱና ገንዘቡ የሄደበት መንገድ

አንሰን አባል የነበረበት ድርጅት በአሜሪካ የደላዌር ግዛት ሕግ የተቋቋመ «ኤልኤልሲ» ነው። ይህ ዓይነቱ ድርጅት በአንድ በኩል ከአባላቱ የተለየ የሕግ ሰውነት አለው፤ በራሱ ስም ንብረት ይይዛል፣ ይከሳል፣ ይከሰሳል፤ አባላቱም ለድርጅቱ ዕዳ በግል አይጠየቁም። በሌላ በኩል ከሽርክና ማኅበር ጋር የሚያመሳስሉት ጠባዮች አሉት፤ የውስጥ አስተዳደሩም በአብዛኛው አባላቱ በሚፈርሙት የመተዳደሪያ ስምምነት ይወሰናል። የአሜሪካ የግብር ሕግ ከአንድ በላይ አባል ላለው እንዲህ ላለ ድርጅት ምርጫ ይሰጠዋል። ድርጅቱ እንደ ኩባንያ ልታይ ብሎ ካልመረጠ እንደ ሽርክና ይቆጠራል፤ ድርጅቱ ራሱ ግብር አይከፍልም፤ እያንዳንዱ አባል ትርፉ ተከፈለውም አልተከፈለውም በድርሻው ልክ ግብር ይከፍላል።

የአንሰን ድርጅት በአሜሪካ ግብር ሕግ እንደ ሽርክና የሚታይ ነበር። ስለዚህ በአሜሪካ ዓይን ገቢው የንግድ ትርፍ፣ ባለ ገቢውም አንሰን ራሱ ነው። የፌዴራልና የግዛት ግብሩ ተደምሮ ነው ወደ 45 በመቶ የደረሰው። ከዚህ ውስጥ በስምምነቱ የሚሸፈነው የፌዴራሉ ግብር ነው፤ ለግዛቱ ግብር ብሪታኒያ ማካካሻ የምትሰጠው ስምምነት ሳያስገድዳት በራሷ የአገር ውስጥ ሕግ ነው። በዚህ ጉዳይ ሁለቱም ግብሮች በአንድ ጥያቄ ላይ የተንጠለጠሉ ስለነበሩ አንድ ላይ ታይተዋል።

አንሰን በብሪታኒያ ነዋሪ ቢሆንም የዘለቄታ አገሩ ብሪታኒያ አልነበረችም። በጊዜው በነበረው ሕግ እንዲህ ያለ ሰው በውጭ ገቢው ላይ ለብሪታኒያ ግብር የሚከፍለው ገንዘቡን ወደ አገር ውስጥ ባስገባ መጠን ብቻ ነበር። አሜሪካ ያስቀረችለትን ገንዘብ ወደ እንግሊዝ ማስገባቱ ነው እንግዲህ የብሪታኒያን ግብር የቀሰቀሰው።

መሥሪያ ቤቱ ያቀረበው ክርክር በወረቀት ላይ ሲታይ ውኃ የሚቋጥር ነበር። ድርጅቱ የራሱ የሕግ ሰውነት አለው፤ ንግዱን የሠራው ድርጅቱ ነው፤ ትርፉም በመጀመሪያ የድርጅቱ ነው። አንሰን የተቀበለው ድርጅቱ ያከፋፈለውን ገንዘብ ሲሆን፣ ይህም ከትርፍ ድርሻ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ገቢ ነው። አሜሪካ ግብር የጣለችው በድርጅቱ ትርፍ ላይ፣ ብሪታኒያ የጣለችው ደግሞ በተከፋፈለው ገንዘብ ላይ ነው። ስለዚህ ገቢዎቹ ሁለት ናቸው፤ ማካካሻም የለም።

የስምምነቱ አንቀጽ 23 ንዑስ አንቀጽ 2(ሀ) በፍሬ ነገሩ የሚለው፣ በአሜሪካ ሕግና በዚህ ስምምነት መሠረት ከአሜሪካ ምንጭ በተገኘ ትርፍ ወይም ገቢ ላይ የሚከፈል የአሜሪካ ግብር፣ የአሜሪካው ግብር በተሰላበት በዚያው ትርፍ ወይም ገቢ ላይ ተመሥርቶ ከሚሰላ ማንኛውም የብሪታኒያ ግብር ላይ ይካካሳል ነው። «በዚያው» የምትለው ቃል የክርክሩ ማጠፊያ ናት። አንቀጹ በቅንፍ ውስጥ አንድ ነገር ለይቶ ያወጣል፦ ገቢው የትርፍ ድርሻ ከሆነ፣ ድርሻው በወጣበት ትርፍ ላይ ድርጅቱ የከፈለው ግብር ለተራ ባለ ድርሻ አይካካስለትም። በአንድ የአሜሪካ ኩባንያ ጥቂት አክሲዮን ያለው የለንደን ነዋሪ ኩባንያው የከፈለውን የትርፍ ግብር ከራሱ ግብር ላይ መቀነስ የማይችለው በዚህ ምክንያት ነው። መሥሪያ ቤቱ አንሰንን ሊያስገባው የፈለገው በዚህ በር ነበር።

ስሌቱ በቁጥር ሲታይ

ማካካሻ ሲፈቀድና ሲከለከል ያለውን ልዩነት በዚያው 100 ዶላር ላይ እንየው። ማካካሻ ሲከለከል የብሪታኒያ ግብር የሚሰላው በእጅ በገባው 55 ዶላር ላይ ነው፤ ውጤቱም ቀደም ብሎ ያየነው 22 ዶላር ነው። ማካካሻ ሲፈቀድ ግን ስሌቱ ከ55 አይጀምርም። የአሜሪካው ግብር ተመልሶ ይደመርና ገቢው 100 ሆኖ ይታሰባል፤ በ40 በመቶ የብሪታኒያው ግብር 40 ዶላር ይሆናል። ከዚህ ላይ የአሜሪካው ግብር ይካካሳል፤ ነገር ግን የአሜሪካው 45 ስለሆነ የሚካካሰው እስከ 40 ድረስ ብቻ ነው። ብሪታኒያ ምንም አትሰበስብም፤ የተረፈውን 5 ዶላርም አትመልስም። ጠቅላላ ሸክሙ 45 ሆኖ ይቀራል። አንሰን ያሸነፈው ይህንን ነው፤ በ100 ዶላር የ22 ዶላር ልዩነት።

ይህ ጣሪያ የተለመደው የማካካሻ መንገድ መለያ ነው። በዚህ መንገድ የሚጠቀም ሰው ሁልጊዜ ከሁለቱ ከፍተኛ የሆነውን መጣኔ ይከፍላል። የአሜሪካው ግብር 25 ዶላር ቢሆን ኖሮ ብሪታኒያ ከ40 ላይ 25ን ቀንሳ 15 ትሰበስብ ነበር፤ ጠቅላላው 40 ይሆናል።

ገቢውን ከግብር ነፃ በሚያደርገው መንገድ ደግሞ የነዋሪነት አገሩ 100ውን ጨርሶ ከስሌቱ ያወጣዋል። የአሜሪካው ግብር 45 ቢሆን ጠቅላላው 45፣ 25 ቢሆን ጠቅላላው 25 ነው። እንግዲህ የምንጭ አገሩ መጣኔ ከፍ ያለ በሆነበት ሁኔታ ሁለቱ መንገዶች አንድ ውጤት ይሰጣሉ፤ የሚለያዩት የምንጭ አገሩ መጣኔ ዝቅ ሲል ብቻ ነው። አንድ ታዳጊ አገር ባለሀብትን ለመሳብ ብሎ ግብር ሲቀንስ፣ የባለሀብቱ አገር በማካካሻ መንገድ የሚሠራ ከሆነ የተቀነሰው ግብር ወደ ባለሀብቱ አገር ግምጃ ቤት ይገባል፤ ነፃ በማድረግ መንገድ የሚሠራ ከሆነ ግን በባለሀብቱ ኪስ ይቀራል። እንደ እኔ እምነት ኢትዮጵያ በምትፈርማቸው ስምምነቶች ላይ ከሁሉ በፊት መነበብ ያለበት አንቀጽ ይህ ነው።

ነፃ የሚያደርጉ አገሮች፣ ለምሳሌ ጀርመን፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ይጨምራሉ። ገቢውን ከግብር ነፃ ቢያደርጉትም የቀረው ገቢ የሚከፍልበትን መጣኔ ሲወስኑ ይቆጥሩታል። በአንድ አገር እስከ 100 ያለው ገቢ 20 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው 40 በመቶ የሚከፈልበት ነው እንበል። አንድ ሰው በአገር ውስጥ 100፣ በውጭ 100 ቢያገኝ፣ በ200 ላይ የሚሰላው ግብር 60፣ አማካይ መጣኔውም 30 በመቶ ይሆናል። ይህ መጣኔ በአገር ውስጡ 100 ላይ ይጫንና ሰውየው 30 ይከፍላል፤ የውጭ ገቢ ባይኖረው ኖሮ የሚከፍለው 20 ነበር። «ገቢዬ ነፃ ተብሎ ሳለ ለምን ግብሬ ጨመረ?» የሚል ቅሬታ የሚነሳው ከዚህ ነው፤ መልሱም የጨመረው የአገር ውስጡ ገቢ መጣኔ ነው የሚል ነው።

ታዲያ ብሪታኒያ ነፃ የማድረጉን መንገድ መርጣ ቢሆን ኖሮ አንሰን ከዚህ ሁሉ ክርክር ይድን ነበር? አይድንም። ነፃ የማድረጉን መንገድ የሚከተሉ አገሮች ብዙውን ጊዜ ነፃ የሚያደርጉት በውጭ በቋሚነት በሚሠራ ድርጅት የተገኘን የንግድ ትርፍ ሲሆን፣ ለግለሰብ በተከፈለ የትርፍ ድርሻ ላይ ግን የሚሠሩት በማካካሻ ነው። ስለዚህ የነዋሪነት አገሩ የተከፋፈለውን ገንዘብ የትርፍ ድርሻ ነው ካለ፣ የነፃነቱ አንቀጽ ከመጀመሪያውም አይደርስበትም። መንገዱ ቢለወጥም ጥያቄው ያው ነው።

አራት ፍርድ ቤቶች፣ አንድ የመተዳደሪያ ስምምነት

በ2010 ጉዳዩን በመጀመሪያ ያየው የታክስ ችሎት ውሳኔውን የመሠረተው በድርጅቱ የመተዳደሪያ ስምምነትና በደላዌር ሕግ ባለሙያዎች ምስክርነት ላይ ነው። እዚህ ላይ ሰነዱን ቀረብ ብሎ ማየት ተገቢ ነው። በስምምነቱ መሠረት የድርጅቱ ገቢ እንደ ተገኘ ወጪው ተቀንሶ የቀረው በእያንዳንዱ አባል ስም በተከፈተ ሒሳብ ላይ በየድርሻው ይመዘገባል። ይህ የሚሆነው ማንም ስብሰባ ተቀምጦ «ይህን ያህል ትርፍ እናከፋፍል» ብሎ ሳይወስን ነው። ገንዘቡ የሚከፈልበት ቀን ሊዘገይ ይችላል፤ የማን እንደሆነ ግን ከተገኘበት ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው። በአክሲዮን ማኅበር ቢሆን ኖሮ ትርፉ ጠቅላላ ጉባኤ ወይም ቦርድ እስኪወስን ድረስ የማኅበሩ ነው፤ ባለ አክሲዮኑ ገና የሚጠይቀው ነገር የለውም።

ችሎቱ ከዚህ ተነስቶ ትርፉ መጀመሪያ የድርጅቱ ሆኖ ኋላ ወደ አባላቱ የሚተላለፍ ሳይሆን፣ አባላቱ ትርፉ ሲገኝ ወዲያውኑ ባለ መብት የሚሆኑበት ነው ብሎ ደመደመ። የስኮትላንድ ሽርክና ማኅበርንም ለማነጻጸሪያ አነሳ፤ ይህ ማኅበር የራሱ የሕግ ሰውነት እያለው፣ በብሪታኒያ ግብር የሚጣለው በቀጥታ በሸሪኮቹ ላይ ነው። የሕግ ሰውነት መኖር ብቻውን ጥያቄውን እንደማይዘጋው ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

በ2011 የበላይ ችሎቱ ይህን ሻረ። አባላቱ በድርጅቱ ንብረት ላይ የባለቤትነት መብት እንደሌላቸው የደላዌር ሕግ ራሱ ስለሚናገር፣ ትርፉ የእነርሱ ነው ማለት ስሕተት ነው አለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2013 በዚሁ ጸና። እስከዚህ ድረስ ውጤቱ ለአንሰን ጨለማ ነበር፤ ሁለት ፍርድ ቤቶች በተከታታይ 67 በመቶው ሸክም ትክክል ነው ብለዋል ማለት ነው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሎርድ ሪድ በተጻፈውና ሁሉም ዳኞች በተስማሙበት ፍርድ የመጀመሪያውን ችሎት ውሳኔ መለሰው። ምክንያቱ ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው ሥነ ሥርዓታዊ ነው። በእንግሊዝ ፍርድ ቤት የውጭ አገር ሕግ ይዘት በማስረጃ የሚረጋገጥ ፍሬ ነገር ነው፤ አባላቱ በደላዌር ሕግና በመተዳደሪያ ስምምነታቸው መሠረት ምን መብት እንዳላቸው የመጀመሪያው ችሎት ምስክር ሰምቶ ካረጋገጠ በኋላ፣ የበላይ ችሎቱ ያለ በቂ ምክንያት ያንን ሊለውጠው አይችልም። ሁለተኛው የፍሬ ነገሩ ጭብጥ ነው። «ትርፉ የአባላቱ ነው» ሲባል በገንዘቡ ሣጥን ላይ ንብረታዊ መብት አላቸው ማለት አይደለም፤ ትርፉ ሲገኝ ድርሻቸውን የማግኘት መብት አላቸው ማለት ነው። ለግብር ጉዳይ ይህ በቂ ነው። አንሰን በብሪታኒያ ሕግ ግብር የሚከፍልበት ገቢ በትርፉ ውስጥ ያለው ድርሻ ነው፤ አሜሪካም ግብር የጣለችው በዚሁ ድርሻ ላይ ነው። «በዚያው ትርፍ ወይም ገቢ» የሚለው ሐረግ በተራ ትርጉሙ ሲነበብ ይህንን ይሸፍናል።

ፍርዱ ስምምነቱን ያነበበበት መንገድ በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። ፍርድ ቤቱ የጀመረው ከብሪታኒያ የአገር ውስጥ ሕግ ነው፦ በመጀመሪያ ይህ ሰው በብሪታኒያ ሕግ ግብር የሚከፍለው በምን ገቢ ላይ ነው? ያ ከታወቀ በኋላ ነው በአሜሪካ ግብር ከተጣለበት ገቢ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚነጻጸረው። አሜሪካ ለድርጅቱ የሰጠችው ስም ለብሪታኒያ አያስገድዳትም፤ አንሰን ያሸነፈው አሜሪካ ሽርክና ስላለችው ሳይሆን በብሪታኒያ ሕግ ሚዛን ሲለካ ገቢው ያው ሆኖ ስለተገኘ ነው። ብዙ ጊዜ «አሜሪካ እንዲህ ካለች ብሪታኒያም መቀበል አለባት» ተብሎ ሲጻፍ ይታያል፤ ፍርዱ ግን እንዲህ አላለም።

ከፍርዱ በኋላ

መሥሪያ ቤቱ በዚያው ዓመት በመስከረም ባወጣው 15/2015 በተባለ አጭር መግለጫ፣ ፍርዱ በጉዳዩ በተረጋገጡት ፍሬ ነገሮች ላይ ብቻ የተወሰነ ነው የሚል አቋም ያዘ። በአሜሪካ ኤልኤልሲ ድርጅቶች ላይ ሲከተለው የነበረውን አሠራር በጠቅላላው እንደማይለውጥና በአንሰን ፍርድ ተመሥርተው ማካካሻ የሚጠይቁ ግለሰቦችን ጉዳይ አንድ በአንድ እንደሚመረምር አስታወቀ። በዚህ አቋም ለመስማማት እቸገራለሁ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ከፋይ የራሱን ውል ይዞ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲከራከር ያስገድዳል፤ ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርድ ሊገኝ የሚገባውን እርግጠኝነትም ይነሳል። ሆኖም መሥሪያ ቤቱ ከፍርዱ ቃል አንጻር ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት አይቻልም፤ የመጀመሪያው ችሎት ውሳኔ በእርግጥም በአንድ የተወሰነ የመተዳደሪያ ስምምነት አንቀጾች ላይ የቆመ ነበር።

ይህ ጉዳይ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንን በቅርብ ይነካል። የጭነት መኪና ሥራ፣ የምግብ ቤት ወይም የኪራይ ቤት ያለው ኢትዮጵያዊ ከዘመድ ወይም ከጓደኛ ጋር ሆኖ ሥራውን በኤልኤልሲ መያዙ የተለመደ ነው፤ የመተዳደሪያ ስምምነቱም ብዙውን ጊዜ ከኢንተርኔት የተገኘ ቅጽ ተሞልቶ የሚፈረም ነው። በአሜሪካ ውስጥ እስከኖረ ድረስ ይህ ከግብር አንጻር እምብዛም ችግር አያመጣበትም። ወደ እንግሊዝ ተዛውሮ የድርጅቱን ድርሻ ይዞ ሲቆይ ግን ያ ማንም ያላነበበው ቅጽ ዋና ማስረጃ ይሆናል። ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ ነዋሪ ቢሆን ደግሞ በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከል ተደራራቢ ግብርን የማስቀረት ስምምነት ስለሌለ መጠጊያው የአገር ውስጥ ሕጉ ብቻ ነው። ከብሪታኒያ ጋር ግን ኢትዮጵያ በ2011 የተፈራረመችው ስምምነት አላት።

በሰነዱ ውስጥ መታየት ያለበት ነገር ብዙ አይደለም። ትርፉ ሲገኝ በራሱ ወደ አባላቱ ሒሳብ የሚገባ ነው ወይስ አስተዳዳሪው ወይም አባላቱ ሲወስኑ ብቻ? «ትርፍ የሚከፋፈለው አስተዳዳሪው ተገቢ ሆኖ ባገኘው ጊዜና መጠን ነው» የሚል አንቀጽ ብቻውን ተጽፎ፣ ትርፉ ሲገኝ የአባላቱ መሆኑን የሚገልጽ ሌላ አንቀጽ ከሌለ፣ ውሉ ወደ አክሲዮን ማኅበር ያጋድላል፤ የአንሰንንም ክርክር ያዳክማል። ድርጅቱ ከአክሲዮን ጋር የሚመሳሰል፣ የሚተላለፍ የድርሻ ወረቀት ያወጣ እንደሆነም ይታያል፤ የብሪታኒያ መሥሪያ ቤት የውጭ ድርጅቶችን ሲመድብ ከሚያያቸው ነጥቦች አንዱ ይህ ነው። ንግዱን የሚሠራው ድርጅቱ ነው ወይስ አባላቱ በጋራ፣ ዕዳውስ በማን ላይ ነው የሚሉትም ይታያሉ፤ ነገር ግን በአንሰን ጉዳይ እነዚህ ለድርጅቱ የሚያደሉ ሆነው ሳለ የትርፉ አንቀጽ አመዝኗል።

ከውሉ ጋር አብረው መቀመጥ ያለባቸው ወረቀቶች አሉ። ድርጅቱ ለአሜሪካ ባቀረበው የሽርክና ማስታወቂያ ላይ የአባሉን ድርሻ የሚያሳየው ኬ-1 የተባለው ቅጽ፣ አባሉ ራሱ በዚያ ድርሻ ላይ ያቀረበው የአሜሪካ የግብር ማስታወቂያና ግብሩ ለመከፈሉ ማረጋገጫው ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ሲደረደሩ የትኛው ትርፍ በየትኛው ዓመት፣ በማን ስም ግብር እንደ ተከፈለበት ያሳያሉ። የዓመት አለመገጣጠምም በዚህ ቦታ ይነሳል። አሜሪካ ግብሩን የምትጥለው ትርፉ በተገኘበት ዓመት ሲሆን፣ እስከ 2025 በነበረው ሕግ እንደ አንሰን ባለ ሁኔታ ብሪታኒያ ትጥል የነበረው ገንዘቡ ወደ አገር በገባበት ዓመት ነው፤ በመካከሉ ሁለትና ሦስት ዓመት ሊያልፍ ይችል ነበር። የዓመቱ መለያየት ብቻውን ማካካሻውን አይከለክልም፤ አንቀጹ የሚጠይቀው የገቢውን አንድነት እንጂ የዓመቱን አይደለም። ነገር ግን ወደ እንግሊዝ የገባው ገንዘብ ከየትኛው ዓመት ትርፍ እንደ ወጣ በባንክ ሒሳብ ማሳየት የባለ ገቢው ድርሻ ነው፤ የተለያዩ ዓመታት ትርፍ፣ የቤት ሽያጭ ገንዘብና ቁጠባ በአንድ ሒሳብ ውስጥ ተደባልቀው ከቆዩ ይህን ለይቶ ማሳየት እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል።